«ለእናቴ እንዳትነግሪያት»፦ ጣሊያን አገር ለስኳር ሕመምተኛ ማስተርጎም

ጥያቄ፦ ጣሊያን አገር ያደግሁ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የማውቃቸው አንዲት እናት በሚቀጥለው ሳምንት እዚህ ሮም የስኳር ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አላቸውና አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ጣሊያንኛዬ ጥሩ ነው፤ አማርኛዬ ግን የቤት አማርኛ ነው። ምን ልዘጋጅ? ማስታወሻ እንዴት ይያዛል? ሴት ልጃቸው ደግሞ «ኢንሱሊን የሚባል ነገር ከተነሳ ለእናቴ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች» ብላኛለች። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ሳይፈታ ሌላው ዝግጅት ከንቱ ነው። ለልጅቷ ዛሬውኑ ደውይላትና እንዲህ በያት፦ «ክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ አስተረጉማለሁ። አልቀንስም፣ አልጨምርም። ስጋትሽን ግን ለሐኪሙ ራስሽ መናገር ትችያለሽ፤ ከፈለግሽ እሱንም እናትሽ ባሉበት አስተረጉምልሻለሁ።» በዚህ ካልተስማማች እንደማትሄጂ አስታውቂያት። የቀጠሮው ዕለት ደጃፍ ላይ ከመጨቃጨቅ ከሳምንት በፊት በስልክ መቀያየም ይሻላል።

ልጅቷን አልፈርድባትም። ከባድ ወሬ ለታማሚ በቀጥታ አይነገርም የሚለውን ልማዳችንን ይዛ ነው፤ ብዙ እናቶችም ኢንሱሊንን የሕመሙ መጨረሻ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ጣሊያን ውስጥ ጉዳዩ በሕግ የተቆረጠ ነው። በ2017 የወጣው ቁጥር 219 ሕግ ታማሚው ስለ ጤናው ሙሉ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ማወቅ አልፈልግም ማለትና መረጃው ለቤተሰቡ ወይም ለሚያምነው ሰው እንዲነገር መወከልም ይችላል። መራጩ ግን ታማሚው ራሱ ነው፤ ልጁም አይደለም፣ አስተርጓሚውማ ከቶ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። እሳቸው «ኢንሱሊን እፈራለሁ» ብለው ከተናገሩ ሐኪሙ ፍርሃቱን ይዞ ሊያስረዳቸው ይችላል። አንቺ ቃሉን ከዋጥሽው ግን ፍርሃቱም መልሱም አብረው ይቀራሉ፤ ለምን እንደታዘዘላቸው የማያውቁትን መርፌ ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ።

ልጅቷ አብራ ከገባችና በአማርኛ «ይህቺን ተያት» ካለችሽ፣ እሱንም በጣሊያንኛ ለሐኪሙ ትናገሪዋለሽ። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዴ ከሰማች በኋላ ሁለተኛ አትሞክረውም፤ ሐኪሙም ቤተሰቡ ምን እንደሚያስጨንቀው ያውቃል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። መጀመሪያ ለእናቲቱ ደውይላቸውና ጥቂት አውሪ። የዚህ ስልክ አንዱ ዓላማ ቋንቋቸውን ማረጋገጥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአማርኛ ሰላምታ የሚሰጥ ሁሉ ሕመሙን በአማርኛ አይናገርም፤ በተለይ ሮም ውስጥ ትግርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ብዙ ሰው አለ። ሲያወሩ ከባዱን ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ እየሸሹ የሚናገሩት ከሆነ የሚያስፈልጋቸው ሌላ አስተርጓሚ ነው። ቋንቋው ከተስማማ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በአንድ ከረጢት ይዘው እንዲመጡ ለምኛቸው። ከኢትዮጵያ የተላከውም፣ ጥቁር አዝሙዱም፣ ፌጦውም ይግባ። ያለፈውን የደም ምርመራ ውጤት፣ የጤና ካርዳቸውንና ሐኪማቸው የጻፈላቸውን የቀጠሮ ማዘዣ፣ ኢምፔኛቲቫ የሚባለውን ወረቀት፣ እንዳይረሱም አስታውሻቸው። ከዚያ በላይ በስልክ ስለ ሕመማቸው አትጠይቂ። አስቀድመሽ ታሪኩን ከሰማሽ፣ ክፍል ውስጥ እሳቸው ያላሉትን ከራስሽ ትሞያለሽ፤ ሳይታወቅሽም ይሆናል።

የቃላት ዝርዝርሽን ከዚያ ከረጢትና ከዚያ የምርመራ ወረቀት አውጪው። ሦስት መቶ ቃል አያስፈልግሽም፤ ለአንድ የስኳር ቀጠሮ አርባ ያህል ይበቃሉ። የአንቺ ክፍተት ጣሊያንኛው ላይ ሳይሆን አማርኛው ላይ ነው፤ ስለዚህ ያንን አጥብቂ። የስኳር ሐኪም እግርን ሳይጠይቅ አያልፍም። እናቲቱ ደግሞ ስለ እግራቸው ሲናገሩ «ይደነዝዘኛል»፣ «ውርር ያደርገኛል»፣ «ሌሊት ያቃጥለኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» ሊሉ ይችላሉ። እያንዳንዱ ለሐኪሙ የተለየ ነገር ስለሆነ ሁሉንም «ያማቸዋል» ብለሽ ብትጠቀልይው የነርቭ ጉዳት ምልክት ከእጁ ታወጪበታለሽ። እናትሽን ወይም አክስትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ የሕመም ቃላትን ከአፋቸው ልቀሚ፤ ከየትኛውም መዝገበ ቃላት ይሻላል። «ኩላሊቴን ያመኛል» የሚሉ ብዙ ሰዎች ወገባቸውን ማለታቸው ነው፤ ደግነቱ ጣሊያኖችም ወገባቸውን ሲያማቸው ኩላሊት ብለው ስለሚናገሩ ሐኪሙ «የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ» ማለቱ አይቀርም። አንቺ ያሉትን ኩላሊት፣ ኩላሊት ብለሽ አሳልፊ።

ስሙን የሚጠራው ሰው የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም «ሲኞራ» ብሎ ሊጠራ ስለሚችል፣ ተራ ስትጠብቁ ጆሮሽን አቁሚ። እናቲቱ የወንድ ስም ሲጠራ የራሳቸው መሆኑ ላይመጣላቸው ይችላል።

ክፍል ውስጥ ስትገቡ ከእናቲቱ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለሽ ተቀመጪ። ሐኪሙና እሳቸው ፊት ለፊት ይተያዩ። ከዚያ ማንም ሥራ ሳይጀምር በሁለቱም ቋንቋ አጭር መግለጫ ስጪ፦ «አስተርጓሚ ነኝ። የተባለውን ሁሉ አስተላልፋለሁ። እዚህ የሰማሁት ከዚህ አይወጣም። በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር እየቆማችሁ ተናገሩ፤ እጄን ካነሣሁ አቁሙልኝ። እኔ ‹እኔ› ስል ተናጋሪውን እንጂ ራሴን አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። በመጀመሪያ መደብ መናገር ሁሉንም ያቃልላል፤ ግን ሳታስታውቂያቸው «እግሬን ያቃጥለኛል» ስትዪ ሐኪሙ ወደ አንቺ ይዞራል። ራስሽን ወክለሽ መናገር ሲኖርብሽ ደግሞ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» በዪ። ማን እንደተናገረ ሁልጊዜ ግልጽ ይሁን።

እናቲቱ ሐኪሙን ትተው ለአንቺ ማውራታቸው አይቀርም፦ «ልጄ፣ እንቅልፍ እንደነሳኝ ንገሪልኝ።» ይህንንም በመጀመሪያ መደብ «እንቅልፍ ነሥቶኛል» ብለሽ ለሐኪሙ አሳልፊና በእጅሽ ቀስ ብለሽ ወደ እሱ አመልክቺያቸው። አንዳንድ ወጣት ሐኪሞች ለውጭ አገር ሰው በአክብሮቱ «ሌይ» ፈንታ «ቱ» እያሉ ይናገራሉ። እኔ እንደዚያም ሆኖ «እርስዎ» ብዬ ነው የማስተላልፈው። በአማርኛ ለአንዲት እናት «አንቺ» ማለት በጣሊያንኛው ካለው ድፍረት እጅግ የከበደ ስለሚሆን፣ «አንቺ» ብል ቃሉን ጠብቄ መልእክቱን አጣምማለሁ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ማስታወሻ አያያዝን በአንድ ንግግር ላሳይሽ። ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቱን እያየ እንዲህ አለ እንበል፦ «የሦስት ወሩ አማካይ ስኳርዎ ከ7.4 ወደ 8.6 ወጥቷል። ሜትፎርሚን 1000 ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ከምግብ ጋር ይቀጥሉ። ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ስኳር ይውሰዱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ከሦስት ወር በኋላ ምንም ሳይበሉ ደም ሰጥተው ይመለሱ።» በእርግጥ እሱ ያለው 2 ሰዓት አይደለም፤ «ኦቶ»፣ 8 ነው ያለው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከላይ በኩል የምትገለበጥ ትንሽ ደብተር ያዢ። በገጹ ግራ ጠባብ ኅዳግ አስምሪ፤ እዚያ የሚገባው ማን እንደተናገረና እንደ «ግን»፣ «ከሆነ»፣ «ስለዚህ» ያሉ ማያያዣዎች ብቻ ናቸው። ሐሳቡን ከላይ ወደ ታች ጻፊ፣ ለአንድ ሐሳብ አንድ መስመር። የእኔ ገጽ ይህን ይመስላል፦

ሐ | 3ወር ስ 7.4% ↗ 8.6%
   | ሜት 1000 — 8ጣ ጠ + 8ጣ ማ + ምግብ
ከሆነ | ስ <70 ሚግ → 15 ግ ስኳር → 15′ ለካ
   | +3ወር ደም፣ ባዶ ሆድ → ተመለስ
═══

ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ አንድ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ «ስ»፣ «ሜት» በቂ ናቸው። ግሡን በተቻለ መጠን አትጻፊው፣ ቀስት ይተካዋል። ቁጥር ግን ለአፍታም በጭንቅላትሽ አይቀመጥ። ቁጥር ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን ጻፊ፤ ያመለጠሽ ሐሳብ በኋላ ይታወስሻል፣ ያመለጠሽ ቁጥር ግን አይመለስም። በጣሊያንኛ «ሴሳንታ» እና «ሴታንታ»፣ 60 እና 70፣ በፍጥነት ሲነገሩ ይምታታሉ። ከተጠራጠርሽ አስቁመሽ ጠይቂ።

ከቁጥሩ ጋር መለኪያውንም ጻፊ፤ ስኳር ላይ ይህ ወሳኝ ነው። የጣሊያን ላቦራቶሪዎች የሦስት ወሩን አማካይ በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል ለሞል፣ ያወጡታል። በዚያ መለኪያ 7 በመቶ 53 ይሆናል፤ 8.6 በመቶ ደግሞ ወደ 70 ይጠጋል። ስለዚህ ሐኪሙ በአንድ ቀጠሮ «ሴታንታ»ን ሁለት ጊዜ ሊጠራት ይችላል፦ አንዴ «አማካይዎ 70 ነው፣ ከፍ ብሏል» ለማለት፣ አንዴ ደግሞ «ጣትዎን ሲለኩ ከ70 ከወረደ አደገኛ ነው» ለማለት። መለኪያውን ያልጻፈ አስተርጓሚ ሁለቱን ያቀላቅላል። እናቲቱም ቤት ሄደው በመለኪያቸው 72 ሲያዩ «ከፍ ብሏል» ብለው ይደነግጣሉ፤ ከዚያም የባሰ፣ ስኳራቸው ወርዶ ሳለ ጣፋጭ ሊሸሹ ይችላሉ። ሐኪሙ መለኪያውን ካልጠራው «አስተርጓሚዋ መለኪያውን ትጠይቃለች» በዪ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በማስታወሻዬ ላይ ያየሽው «8ጣ»፣ የጣሊያን 8 ማለት ነው። የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ፣ የምቀይረው ስናገር ነው። ስትጽፊ ከቀየርሽ ስትናገሪ ደግመሽ ልትቀይሪ ትችያለሽ፤ መድኃኒት ስድስት ሰዓት የሚሳሳተው በዚህ መንገድ ነው። ጣሊያን አገር ረጅም ዓመት የኖሩ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በአማርኛ እያወሩም የጣሊያኑን ሰዓት ነው የሚጠሩት። ስለዚህ ሁለቱንም ጥሪ፦ «ጠዋት በጣሊያን 8፣ በእኛ 2 ሰዓት።» ዘመን አቆጣጠርም ያው ነው። እናቲቱ «በጥምቀት ማግስት ነው የጀመረኝ» ካሉ ለሐኪሙ ጥር 12ን ሳይሆን 20 ጄናዮን ትሰጪዋለሽ። በስልክሽ ላይ የሁለቱን አቆጣጠር መቀየሪያ ጭነሽ ግቢ እንጂ በራስሽ አትመኪ፤ በዘመነ ሉቃስ ማግስት በሚመጣው ዓመት ጥምቀት ራሱ በአንድ ቀን ይገፋል።

ከአማርኛ ወደ ጣሊያንኛ ስትሄጂ ግን ትልቁ አደጋ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «መድኃኒቱን ጠዋትም ማታም ምግብ እየበላሁ፣ እንደታዘዝኩት፣ ሳላቋርጥ ወስጃለሁ ማለት አልችልም።» እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ድረስ ሁሉም «አዎ» ነው። ጣሊያንኛው ደግሞ «አይደለም»ን ከፊት ይጠይቅሻል። አማርኛው እስኪያልቅ አፍሽን አትክፈቺ፤ በማስታወሻው ላይ የመስመሩን መነሻ ባዶ ተዪና አሉታው ሲመጣ እዚያ ትልቅ «×» አድርጊ። ከዚያ በንባብሽ ከ«×» ትጀምሪያለሽ።

የማይጻፍም አለ። በአገራችን ብዙ ሰው «አዎ» የሚለው አየር ወደ ውስጥ ስቦ ነው። የማያውቅ ጣሊያናዊ ሐኪም ሴትዮዋ የደነገጡ ወይም የታፈኑ ይመስለዋል፤ መልስ እንዳልተሰጠውም ቆጥሮ ጥያቄውን ይደግማል። ያ ትንፋሽ መልስ ነውና «ሲ» ብለሽ በድምፅ አውጪው።

ገለልተኝነት የሚፈተነው ግን እዚህ ነው። ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ላይ ነው እንበል። ሐኪሙ ይጠይቃል፦ «ሜትፎርሚኑን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ይወስዳሉ?» እናቲቱ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እወስዳለሁ።» አንቺ ታውቂያለሽ፤ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ስለዚህ የጠዋቱ ኪኒን «ከምግብ ጋር» ሊሆን አይችልም። ወይ በባዶ ሆድ ይውጡታል፣ ወይ ይተዉታል። ምን ትያለሽ?

«ስለምትጾም ጠዋት አትወስድም» ማለት ምስክርነት ነው። አላሉም፤ ልትሳሳችም ትችያለሽ፤ ሕመም ስላለባቸው የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸው ይሆናል። ዝም ማለትም አይረዳም፤ 8.6 ለምን እንደወጣ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ይጨመራል። መጀመሪያ ያሉትን እንዳሉት ታስተላልፊያለሽ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እወስዳለሁ።» «ደህና ነኝ» ወደሚል አትለውጪው። ከዚያ ለሁለቱም እኩል፣ በግልጽ፣ መጀመሪያ በጣሊያንኛ ቀጥሎ በአማርኛ፦ «አስተርጓሚዋ አንድ ነገር ታመለክታለች። አሁን የኦርቶዶክስ ጾም ወቅት ነው፤ አንዳንድ ምእመናን እስከ ከሰዓት በኋላ አይበሉም። ሐኪሙ ከፈለጉ የምግብ ሰዓታቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ።» አበቃ። መልሱን አልሰጠሽም፣ በር ብቻ ነው ያመለከትሽው። እናቲቱም ስለ እሳቸው ምን እንደተባለ ሰምተዋል፤ ከጀርባቸው የተወራ የለም። ጣሊያን ውስጥ ይህን ሥራ በሙያ የሚሠሩት «የባህል አገናኝ» ተብለው ስለሚቀጠሩ እንዲህ ያለው ማብራሪያ ይጠበቅባቸዋል፤ ከሐኪሙ ጋር በጣሊያንኛ ብቻ አምስት ደቂቃ ማውራት ግን ለእነሱም አይፈቀድም።

እዚያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ነርሷ ለደም ምርመራው በባዶ ሆድ መሆናቸውን ለማወቅ «አ ዲጁኖ ነዎት?» ብላ ትጠይቃለች። «ጾመዋል?» ብለሽ ከተረጎምሽው ቁርስ ሽሮ የበሉ ጾመኛ እናት በሙሉ እውነት «አዎ» ይላሉ። «ዛሬ ከነቁ ጀምሮ የበሉት ወይም የጠጡት ነገር አለ? ውኃ ይቻላል» ብለሽ ጠይቂ፤ ውኃ የተፈቀደ መሆኑን ነርሷ ካላለች መጀመሪያ እሷን አስብዪያት።

ሐኪሙ ኢንሱሊን ካነሣ ቃሉን በተለመደው ድምፅሽ ጥሪው። አታለስልሺው፣ አታክብጂውም። እናቲቱ ዝም ካሉ ዝምታውን አንቺ አትሙዪው። «እሺ» ካሉ «እሺ» ብለሽ አስተላልፊ፤ ሆኖም «እሺ» ለሐኪም አክብሮት እንጂ መስማማት ላይሆን ይችላል። አልገባቸውም ብለሽ መፍረድ የአንቺ ድርሻ አይደለም፤ ግን «እናቲቱ የተረዱትን በራሳቸው ቃል ቢናገሩ አስተርጓሚዋ ትርጉሟን ታረጋግጥ ነበር» ማለት ትችያለሽ። በዚህ ጊዜ እውነተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይወጣል፦ «አንዴ ከጀመርኩት እስክሞት ነው?»

ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት ቢመጣ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ባሉበት ብቻ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። «ይህንን ውጭ አስረድተሽ አስፈርሚያቸው» ካሉሽ እምቢ በዪ። የሚያስረዳው ያዘዘው ሰው ነው። ንግግሩ ከአቅምሽ በላይ ከሆነም ሳይመሽ ተናገሪ፤ የባህል አገናኝ እንዲጠራላቸው ሆስፒታሉን መጠየቅ ይቻላል።

ስትጨርሱ ያን ገጽ እናቲቱ እያዩ ገንጥለሽ ቅደጂውና እዚያው ክፍል ውስጥ ጣዪው። መድኃኒት ሲገዙ አብረሻቸው ከሄድሽ ካርቶኑ ላይ ሰዓቱን እሳቸው በራሳቸው እጅ ይጻፉት፤ አንቺ የፋርማሲስቱን ቃል ብቻ አስተላልፊ። ለስኳር የተሰጠው ከክፍያ ነጻ የመሆኛ ቁጥር 013 ስለሆነ ማዘዣው ላይ መኖሩን ካላዩ ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፤ ይህ የመስኮት ጉዳይ እንጂ የሕክምና ምክር አይደለም።

ማታ ልጅቷ ደውላ «ሐኪሙ ምን አለ?» ትልሻለች። መልስሽ «እናትሽን ጠይቂያቸው» ነው። ምናልባት ሌሊት እናቲቱ ራሳቸው ደውለው «ልጄ፣ ኪኒኑን ግማሽ ባደርገው ምን ይለኛል?» ይሉሻል። የሐኪማቸውን ስልክ፣ ከመሸ የሌሊት ሐኪም አገልግሎቱን፣ የጓርዲያ ሜዲካን ቁጥር ስጪያቸው። አልቧቸው፣ እየተንቀጠቀጡና እየተደናበራቸው ከሆነ 112 ይደውሉ፤ ካልቻሉ አንቺው ደውዪላቸውና በስልክ አስተርጉሚ።